የልጁ ታሪክ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1884 በአሜሪካዋ የፊላደልፊያ ከተማ አንድ ነጋዴና ሚስቱ ልጅ እምቢ ብሏቸው ዊሊያም ፓንኮስት የሚባል ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ እንደ ጊዜው ልማድ መጀመሪያ የመረመረው ሴቲቱን ነበር። ምንም አልተገኘባትም። ቆይቶ ባልየው ሲመረመር ችግሩ ከእሱ ሆነ፤ ፈሳሹ ውስጥ ዘር የለም። ተሞከረ፣ ሊድን አልቻለም። ያኔ ሐኪሙ ሴቲቱን "አንድ ምርመራ ይቀራል" ብሎ አስጠራት። በክሎሮፎርም አደነዘዛት። ከዚያም ተማሪዎቹ ከበው እያዩ፣ ከመካከላቸው መልከ መልካም የተባለውን የአንዱን ዘር ወደ ማህፀኗ አስገባ።

ወንድ ልጅ ተወለደ። ለባልየው በኋላ ተነገረው፤ እሱም ሚስቱ እንዳትሰማ አደራ አለ። አልሰማችም። ነገሩ አደባባይ የወጣው ከ25 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1909፣ በቦታው ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ በሕክምና መጽሔት ላይ ሲጽፈው ነው።

በለጋሽ ዘር ስለተወለደ ልጅ በጽሑፍ ከተረፉት የሐኪም ታሪኮች የመጀመሪያው የሚባለው ይህ ነው። ሕክምናውና ምስጢሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ አልጋ ላይ ተወለዱ ማለት ነው። ዛሬ ሴትን አደንዝዞ እንዲህ ማድረግ ወንጀል ነው። ምስጢሩ ግን አልሞተም፤ ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ ወደ ወላጆች እጅ ገባ እንጂ። በለጋሽ እንቁላል ወይም በለጋሽ ዘር ለመውለድ የወሰኑ ባልና ሚስት ከሁሉ በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄም "ይሳካ ይሆን?" የሚለው አይደለም። "ለልጁ ማን፣ መቼ፣ በምን ቃል ይነግረዋል?" የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ክሊኒክ የገቡ ሰዎች፣ ዕዳውን ገና ላልተወለደ ልጅ ያስተላልፋሉ።

*

የናሬል ግሬች ታሪክ ይህን ከማንም በላይ ያሳያል።

ናሬል የተወለደችው በአውስትራሊያዋ የቪክቶሪያ ግዛት፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። አባቴ የምትለው ሰው በሥጋ የወለዳት እንዳልሆነ የተነገራት በ15 ዓመቷ ነበር። የወለዳት ሰው ለክሊኒክ ዘሩን የለገሰ የማይታወቅ ወንድ ነው። ስሙ አልተነገራትም። እጇ ላይ የነበረው አንድ ኮድ ብቻ ነው፤ "ቲ5"።

ናሬል ጠየቀች። መዝገቡ አለ፤ ስሙ አለ፤ መዝገቡን የሚያዩ ሰዎችም አሉ። ሕጉ ግን አይፈቅድላትም። በቪክቶሪያ ሕግ መሠረት ከ1988 አጋማሽ በፊት በተለገሰ ዘር የተወለደ ሰው ስለ ለጋሹ የመጠየቅ መብት አልነበረውም። ከዚያ በኋላ በተለገሰ የተወለደው ለጋሹ ከፈቀደ ብቻ ያውቃል። ከ1998 ወዲህ በተለገሰ የተወለደው ግን 18 ዓመት ሲሞላው ለጋሹ ፈቀደም አልፈቀደ ስሙን ያገኛል። ሦስት ልጆች በአንድ ሰፈር ቢያድጉ፣ ስለ ራሳቸው ማወቅ የሚችሉትን የሚወስነው ዘሩ የተለገሰበት ቀን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 ናሬል የአንጀት ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። በሽታው ተስፋፍቶ ነበር። ዕድሜዋ ገና 28 ነው። በዚያ ዕድሜ የአንጀት ካንሰር ሲገኝ ሐኪም ቶሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ "በቤተሰብ ውስጥ ይህ በሽታ የነበረበት ሰው አለ?" ናሬል የዘር ግንዷን ግማሽ ስለማታውቅ መልሱ ግማሽ ነበር። ከዚህ የባሰ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ከዚያው ለጋሽ የተወለዱ ስምንት ወንድሞችና እህቶች እንዳሏት ታውቃለች፤ ማን እንደሆኑ አታውቅም። "ተመርመሩ" ብላ ልታስጠነቅቃቸው አልቻለችም። እነሱም ከለጋሽ መወለዳቸውን ላያውቁ ይችላሉ።

ጉዳይዋ በጋዜጣ ወጣ፣ ፓርላማ ደረሰ። በመጨረሻ በግዛቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ርዳታ ለጋሹ ተገኘ፤ እሱም ሊያያት ፈቀደ። አባትና ልጅ ተገናኙ። የነበራቸው ጊዜ ግን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። ናሬል በማርች 2013 በ30 ዓመቷ አረፈች።

ቪክቶሪያ በ2016 ሕጉን ለወጠች። ከማርች 1 ቀን 2017 ጀምሮ፣ ዘሩ መቼም ይለገስ መቼ፣ ከለጋሽ የተወለደ ማንኛውም ሰው የለጋሹን ማንነት መጠየቅ ይችላል። ሕዝቡ ሕጉን በናሬል ስም ይጠራዋል።

ይህ ሕግ አንድ ከባድ ክርክር አስነስቷል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የለገሱ ወንዶች "ስማችሁ አይወጣም" ተብለው ነው የለገሱት። ብዙዎቹ ያኔ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዛሬ ሚስትና ልጆች አሏቸው። የተሰጠ ቃል ይታጠፋል ወይ? ሕግ አውጪዎቹ የመለሱት ስምንና ግንኙነትን በመለየት ነው። ከ1998 በፊት የለገሰ ሰው ስሙ እንዳይሰጥ ማገድ አይችልም፤ "እንዳይፈልጉኝ" ወይም "በደብዳቤ ብቻ" ብሎ ማስመዝገብ ግን ይችላል። ይህን የጣሰ ይቀጣል። ማወቅ የልጁ መብት ሆነ፤ መቀራረብ ግን የሁለቱም ፈቃድ ሆነ። ፍትሐዊ መካከለኛ መንገድ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ እውነት አምኗል፤ ቃሉን የተለዋወጡት ሐኪሙ፣ ለጋሹና ወላጆቹ ናቸው። ልጁ በዚያ ውል ላይ አልፈረመም።

*

ሕግ ባይኖርም ምስጢሩ የሚቆይበት ዘመን አልፏል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰው ምራቁን በትንሽ ብልቃጥ ልኮ የዲኤንኤ ዘመዶቹን ዝርዝር በስልኩ ያያል። ልጁ ራሱ መመርመር እንኳ አያስፈልገውም። ሲያትል ያለ የለጋሹ የወንድም ልጅ ለጨዋታ ቢመረመርና የልጁ ልጅ ከዓመታት በኋላ ቢመረመር፣ ሁለቱ ስሞች አንድ ገጽ ላይ ይወጣሉ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" የሚለው ተረት ዛሬ የላቦራቶሪ ማስረጃ አለው። ስለዚህ ወላጆች ፊት ያለው ምርጫ "እንንገረው ወይስ አንንገረው" አይደለም። "ከእኛ ይስማው ወይስ ከስልኩ" ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከሉን ከከፈተ ወዲህ፣ ከአካል ውጭ የሚደረግ ጽንስ የሀብታም ብቻ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። በሜልቦርን፣ በለንደን፣ በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ የሚኖሩ ሐበሾች ደግሞ የለጋሽ ሕክምና ያለባቸው ከተሞች ውስጥ ናቸው። የልጅ ናፍቆት ደግሞ አገር አይለይም፤ "ወላድ በድባብ ትሂድ" በሚባልበት ማኅበረሰብ ውስጥ ያላደለችው ሴት የሚደርስባትን ሁሉም ያውቀዋል።

*

የምክር አገልግሎት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ብዙ ሰው "ምክር" ሲባል የሚያጽናና ሰው ዘንድ ሄዶ ማልቀስ ይመስለዋል። በለጋሽ ሕክምና ውስጥ ግን ምክሩ ሌላ ሥራ አለው። ገና ያልተፈጠረን ቤተሰብ በዓይነ ሕሊና አስቀምጦ፣ እያንዳንዱ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ የት እንደሚቆም መጠየቅ ነው። በብሪታንያ ክሊኒኩ ይህን ዕድል ማቅረብ አለበት፤ መቀበሉ የሰዎቹ ፈንታ ነው። በቪክቶሪያ ግን ግዴታ ነው፤ ተቀባዮችም፣ ለጋሹም፣ የትዳር ጓደኞቻቸውም ካልተመከሩ ሕክምናው አይጀመርም።

ጥያቄዎቹ ምን እንደሚመስሉ በአንድ ምሳሌ ይታይ። በሜልቦርን የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ እንበል። ሚስት 43፣ ባል 48 ዓመታቸው ነው። ሁለት ጊዜ በራሷ እንቁላል ሞክረው አልሆነም። ሐኪሙ የነገራቸው ግልጽ ነው፤ እንቁላል ከሴቷ ጋር ያረጃል፣ ማህፀን ግን ያን ያህል አያረጅም። በዚህ ዕድሜ በራስ እንቁላል የሚሳካው ከመቶ ለጥቂቶች ብቻ ነው። በለጋሽ እንቁላል ከሆነ ግን ዕድሉን የሚወስነው የለጋሿ ዕድሜ ነው። የ31 ዓመቷ ታናሽ እህት ሰማች። ባል አላት፣ ሁለት ልጆች ወልዳለች። "እትዬ፣ የኔን ውሰጂ" አለች።

ይህን የሰማ ዘመድ ሁሉ "እግዜር ይስጣት፣ አለቀ" ይላል። ለአማካሪዋ ግን ገና መጀመሩ ነው።

አማካሪዋ መጀመሪያ የምታደርገው ታናሽየዋን ለብቻዋ ማናገር ነው። ምክንያቱም ታላቋ እህት ታናሿን አሳድጋለች፤ ወረቀት ጨርሳ፣ ትኬት ቆርጣ ወደ ውጭ ያመጣቻት እሷ ናት። እንዲህ ያለ ውለታ ያለበት ሰው "አልችልም" ማለት ይችላል? ጥያቄው በሁሉም ፊት ቢቀርብ መልሱ "በደስታ" ነው። በር ተዘግቶ ሲቀርብ ግን አንዳንዴ ዝምታ ይመጣል። ጥሩ አማካሪ ያንን ዝምታ ታውቀዋለች። ለጋሿ ካልፈቀደች ክሊኒኩ "በምርመራ አልሆነም" ብሎ ምክንያቱን ሳይዘረዝር ማቆም ይችላል፤ እህት ከእህት ሳትቀያየም ነገሩ ይዘጋል።

ከዚያ ለጋሿ ሰውነቷ ላይ የሚሆነውን በዝርዝር ማወቅ አለባት። ደሟ ለኤች.አይ.ቪ.፣ ለጉበት ቫይረስና በዘር ለሚተላለፉ በሽታዎች ይመረመራል። ከዚያ ለአሥር ቀን ያህል በየቀኑ ሆዷ ላይ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፤ በተለመደው ወር አንድ የሚበስለው እንቁላል አሁን ብዙ እንዲበስል ነው። እንቁላሎቹ በማደንዘዣ፣ በአልትራሳውንድ እየታዩ፣ በቀጭን መርፌ ይወሰዳሉ። አብዛኞቹ ሴቶች በማግስቱ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አንዳንዷን ግን መድኃኒቱ ከልክ ያልፍባታል፤ ሆዷ በፍጥነት ይነፋል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ኪሎ ትጨምራለች፣ ታስመልሳለች፣ ሽንቷ ይቀንሳል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። እነዚህ ከታዩ ጊዜ ሳይሰጡ ሆስፒታል መሄድ ነው። የሁለት ልጆች እናት ይህን ሳታውቅ መፈረም የለባትም፤ ባሏም ሳያውቅ መቅረት የለበትም።

ቁጥሩም አስቀድሞ መነገር አለበት። አሥራ ሁለት እንቁላል ቢወጣ፣ ከባልየው ዘር ጋር ሲገናኝ ሰባት ወይም ስምንቱ ሊጸንሱ ይችላሉ፤ እስከ አምስተኛው ቀን የሚደርሱት ሦስት ወይም አራት ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ወደ ታላቋ እህት ማህፀን ይገባል፤ የተረፉት ይቀዘቅዛሉ። ያም ሆኖ ላይይዝ ይችላል። ታናሽየዋ "የኔ እንቁላል ነው ያልሆነው" ብላ ዕድሜዋን ራሷን ልትወቅስ ትችላለች። የቀዘቀዙት ጽንሶችስ? ታላቋ ወልዳ ቢበቃት፣ ታናሿ ደግሞ እንዲጣሉ ባትወድ? ባልና ሚስቱ ቢፋቱስ? እነዚህ ጥያቄዎች ከመርፌው በፊት ካልተነሱ፣ የሚነሱት በፍርድ ቤት ወይም በሽምግልና ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። አራቱም አብረው ተቀምጠው አማካሪዋ ትጠይቃለች፤ "ልጁ እህትሽን ምን ብሎ ይጠራታል?" መልሱ ቀላል ይመስላል፤ "አክስት"። አክስት ናትም። ግን የታናሿ ሁለት ልጆች ለተወለደው ልጅ የአክስት ልጆች ብቻ አይደሉም፤ በሥጋ በእናት የሚገናኙ ወንድምና እህቶቹ ናቸው። አያትየው ታውቃለች? ልጁ ታሞ ሐኪም "በእናት በኩል ምን አለ?" ሲል ማን ይመልሳል? ታላቋ እህት ልጁን ስትቆጣ ታናሿ ፊቷ ቢለወጥ፣ ማን ማንን "ምን አገባሽ" ይላል?

መልሱን አማካሪዋ አትሰጥም። ሥራዋ መልስ ያልተሰጠው ጥያቄ ይዘው ከክፍሉ እንዳይወጡ ማድረግ ነው።

*

የወንድ ዘር ሲሆን ደግሞ ሐፍረቱ ሌላ ነው። ልጅ ከማጣት ችግር በግማሽ ያህሉ ውስጥ የወንዱ ድርሻ አለበት። ይሁን እንጂ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው፤ ባሏ ዘር እንደሌለው በወረቀት የያዘች ሴት እንኳ ለአማቷ "የኔ ችግር ነው" ብላ ስሙን ትሸፍናለች። በዚህ ሐፍረት ላይ ሕክምናው ራሱ ለረጅም ዘመን ሲተባበር ኖሯል። ባለፈው ክፍለ ዘመን አንዳንድ ሐኪሞች የለጋሹን ዘር ከባልየው ዘር ጋር ይቀላቅሉ ነበር፤ ወይም "ዛሬ ማታ አብራችሁ ተኙ" ብለው ይሸኙ ነበር። ዓላማው አንድ ነው፤ "ምናልባት የኔ ይሆናል" የሚል ክፍተት ለባልየው መተው።

ክፍተቱ ግን ባልየውን አያሳርፍም። ልጁ በተመሰገነ ቁጥር "የማን ብልህነት ነው?" ይላል፤ ባጠፋ ቁጥር ደግሞ "የማን ደም ነው?" ይላል። በኢትዮጵያ ደግሞ የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው። በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በተጠራ ቁጥር ያ ጥያቄ ይጠራል። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ብሎ ይገምታል፤ ሕጉ አባት ቢለውም ሰውየው በልቡ አባት ያልሆነበት ቤት ግን አለ። ለዚህ ነው ምክሩ ከባልየው ሐዘን የሚጀምረው። በመልኩ የሚመስለው ልጅ ላይኖረው ነው፤ ይህ ሞት ባይሆንም ኀዘን ነው፤ ሊለቀስለት ይገባል። ያላለቀሰ አባት ምስጢሩን የሚጠብቀው ለልጁ ብሎ ሳይሆን ለራሱ ቁስል ብሎ ነው።

*

"በባህላችን ይህ አይነገርም" የሚል መልስ ይሰማል። ባህሉ ግን ከዚያ የተለየ ነገር ይናገራል።

የጡት ልጅ የሚባለው ወግ ለዚህ ምስክር ነው። አሳዳጊው ጡቱን ወይም ጣቱን በማር ነክሮ ልጁን አጥብቶ፣ በምስክሮች ፊት ልጁ አድርጎ ይቀበለው ነበር። ጉዲፈቻም እንዲሁ በአደባባይ፣ ሽማግሌ ባለበት የሚፈጸም ነው። የክርስትና አባትና እናት በቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት ይቆማሉ። ደም የሌለበት ዝምድና ለሐበሻ አዲስ ነገር አይደለም። የሚጸናውም በምስክር ስለታሰረ ነው። ተደብቆ የተደረገ የጡት ልጅ ወግ የለም።

ሌላም አለ። በብዙ ክርስቲያን ቤተሰብ ዘንድ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዘመድ ዘመድ እንዳያገባ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የአያት ቅድመ አያት ስም ይጠራሉ። አሁን አንድ ለጋሽ ለስንት ቤት እንደሰጠ ካልታወቀ ያ ቆጠራ ምን ይሆናል? በ2023 የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት ከ550 በላይ ልጆች ያፈራ አንድ ለጋሽ ዳግም እንዳይለግስ አግዷል። ብሪታንያ አንድ ለጋሽ ከአሥር ቤተሰብ በላይ እንዳይሰጥ ትገድባለች፤ ከአገር የሚወጣ ዘር ላይ ግን ያ ገደብ አይሠራም። ቁጥሩ ትንሽ በሆነ፣ እርስ በርሱ በሚጋባ የስደተኛ ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ሐበሻ ለጋሽ የፈለጉ ብዙ ቤተሰቦች ከጥቂት ሰዎች ዘር ሊደርሳቸው ይችላል። ልጆቹ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ሰርግ ላይ ይገናኛሉ። ለሰባት ቤት የሚጨነቅ ሰው፣ ለአንደኛው ቤት ዝም ማለት አይችልም።

በሃይማኖት ምክንያት ይህን ሕክምና ፈጽሞ የማይቀበል ሰው ግልጽ አቋም አለው። አብዛኞቹ የሱኒ ሊቃውንት የዘር ግንድ ይደበላለቃል ብለው ከሦስተኛ ሰው የሚመጣን ዘርና እንቁላል ይከለክላሉ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1987 ባወጣችው ሰነድ ተቃውማዋለች። በሌላ በኩል የያኔው የኢራን መሪ አያቶላህ ኻሚኒ በ1999 ልገሳን በሁኔታዎች ፈቅደዋል፤ እዚያም ቢሆን ልጁ ከለጋሹ ጋር ያለው የዘር ጉዳይ አልተረሳም። የሚከለክለውም የሚፈቅደውም በአንድ ነገር ይስማማሉ ማለት ነው፤ የዘር ግንድ ቀላል ነገር አይደለም። ችግር ያለው ለንስሐ አባቱ ወይም ለኢማሙ ደብቆ፣ ለባለቤቱ ግማሽ ነግሮ፣ ለልጁ ምንም ሳይነግር የሚሄደው ዘንድ ነው።

*

የወላጆች ፍርሃት ግን ይከበር። "ካወቀ አይወደኝም" ይላሉ። በብሪታንያ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በለጋሽ እንቁላል፣ በለጋሽ ዘርና በማህፀን ውሰት ልጅ ያገኙ 65 ቤተሰቦችን፣ በተለመደው መንገድ ከወለዱ 52 ቤተሰቦች ጋር እያነጻጸሩ ልጆቹ 20 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ተከታትለዋል። በ2023 ያወጡት ውጤት በልጆቹ ጤናና ደስታ ላይ ልዩነት አላገኘም። በቤተሰብ ግንኙነት በኩል የተሻለ የታየው ልጁ ከሰባት ዓመቱ በፊት በተነገረባቸው ቤቶች ነው። ደም አለመጋራቱ አይደለም ቤት የሚያፈርሰው። አርፍዶ መስማት ነው፤ "ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ከእኔ በቀር" የሚለው ነው።

"ሰፈር ያሾፍበታል" የሚለውም ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ለልጁ መንገር ለሰፈር ማወጅ አይደለም። ገመና መጠበቅና ምስጢር መደበቅ ይለያያሉ። ገመና ባለቤቱ የሚያውቀው፣ ሌላው የማያውቀው ነው። ምስጢር የሆነው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ የማያውቀው፣ ሌላው የሚያውቀው ነው። ሐኪሙ፣ አክስቱ፣ ነርሷ፣ የእናቱ ጓደኛ እያወቁ ልጁ ካላወቀ፣ የተጠበቀው ገመና የልጁ አይደለም።

አነጋገሩም እንደሚፈራው አይደለም። አማካሪዎች ወላጆች ገና ሕፃኑ ዳይፐር ሲቀየርለት ቃሉን በአፋቸው እንዲለማመዱት ይመክራሉ፤ ሕፃኑ አይገባውም፣ የወላጅ አፍ ግን ይለምዳል። በሦስትና በአራት ዓመቱ ይህ ይበቃዋል፤ "ልጅ እንዲወለድ ትንሽዬ እንቁላል ያስፈልጋል። የእማዬ እንቁላል ደክሞ ነበር። አክስትህ ከሷ ሰጠችንና አንተ በእማዬ ሆድ አደግህ።" በሰባት በስምንት ዓመቱ "እንዴት?" ይላል፤ ይብራራለታል። በአሥራ አምስት ዓመቱ "ታዲያ እነሱ ወንድሞቼ ናቸው?" ይላል፤ እውነቱ ይነገረዋል። ልጁ የተነገረበትን ቀን ማስታወስ የለበትም። ሁልጊዜ የሚያውቀው ነገር መሆን አለበት፤ ልክ እንደ ስሙ።

በአገር ቤት ይህ ሕክምና እየሰፋ ሲሄድ ክሊኒኮችና ሕግ አውጪዎች ሦስት ነገር ሳይዘገይ ሊያስቡበት ይገባል። አንደኛው፣ ለጋሽ ያለበት ማንኛውም ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም ወገን፣ ለየብቻም በጋራም፣ ምክር ግዴታ ይሁን። ሁለተኛው፣ መዝገቡ በክሊኒኩ መሳቢያ ሳይሆን ክሊኒኩ ቢዘጋም በማይጠፋ ማዕከላዊ ቦታ ይቀመጥ። ሦስተኛው፣ ልጁ 18 ሲሞላው መዝገቡን የመጠየቅ መብት ከመጀመሪያው ቀን ይጻፍለት፤ ቪክቶሪያ ሠላሳ ዓመት ቆይታ፣ በአንዲት ወጣት ሞት ነው የተማረችው።

በፊላደልፊያ የተወለደው ልጅ አድጎ በኒውዮርክ ነጋዴ ሆነ። በ1909 ታሪኩን የጻፈው ሐኪም በዚያው ዓመት ሊያየው ሄዶ እንደነበርና እጁን እንደጨበጠው ጽፏል። ሁለት ሰዎች ተጨባበጡ። አንደኛው የሌላውን አወላለድ ከነቦታው፣ ከነሰዓቱ ያውቃል፤ እናትየው ግን ቤቷ ተቀምጣ አታውቅም። ምክር የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሰላምታ ዳግም እንዳይኖር ነው።